አዲስ አበባ ወይስ ባህር ዳር? በሪሞት ለሚሰራ ሰው የወሩ እውነተኛ ወጪ

ባህር ዳር የምንኖር ሰዎች በየጊዜው የምንጠየቀው ጥያቄ አለ፣ «እዛ በወር ስንት ይበቃል?» የሚል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ያለ፣ ስራው በላፕቶፕ የሆነ፣ የቤት ኪራይ ያማረረው ሰው ነው። መልስ ሰጪውም «ኧረ እዚህማ ኪራዩ ግማሽ ነው፣ ባጃጅ ርካሽ፣ አሳው ርካሽ» ብሎ ይጨርሳል፣ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ይመጣና በስድስት ወሩ የተረፈ ብር ሲፈልግ ያጣዋል። ኪራዩ ቀላል መሆኑ ውሸት አይደለም እኮ። ግን በሪሞት የሚሰራ ሰው ወጪ እዚህ ተመድቦ እንደሚመጣ ሰራተኛ አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ ደሞዙ የሚነካበት ሰው ነው፣ ለአንዳንድ ጉዳይም አዲስ አበባ መመላለሱ አይቀርለትም፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ወር በወር ስለማይከፈሉ ማንም ሂሳብ ውስጥ አያስገባቸውም።

ስለዚ እዚህ ጋ የማወዳድረው አንድ አይነት ሰው ነው፦ ብቻውን የሚኖር፣ ከቤት የሚሰራ፣ ባህር ዳር የቤተሰብ ቤት የሌለው። የቤተሰብ ቤት ያለው ሰው ይሄን ማንበብም አያስፈልገውም፣ ኪራይ ዜሮ ከሆነ ሂሳቡ አለቀ።

መጀመሪያ የማይለያየውን እናውጣ

ሁለት ከተማ ሲወዳደር ሁሉንም ነገር መዘርዘር ድካም ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የቤት ኢንተርኔት ታሪፍ አዲስ አበባም ባህር ዳርም አንድ ነው። የመብራት ታሪፍም አገር አቀፍ ነው፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሶስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄደው ጭማሪ ሁለቱም ጋ እኩል ነው የሚደርሰው። ከውጭ የሚገባ ነገር፣ ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ ሳሙና፣ ዘይት ምናምን ባህር ዳር ላይ አይረክስም፣ እንደውም የማጓጓዣው ይጨመርበታል። የሞባይል ካርድ ያው ነው። ግብሩ ያው ነው። እነዚህን ከወረቀቱ ላይ ሰርዟቸው።

መብራት ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። ታሪፉ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ነው፣ ስለዚ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ የሆነበት ግቢ ስትገቡ የሁላችሁም ፍጆታ ተደምሮ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣና ብቻችሁን ብትሆኑ ከምትከፍሉት በላይ ትከፍላላችሁ። ባህር ዳር ደግሞ የግቢ ቤት ብዙ ነው፣ ሰርቪስ ቤት የሚባለው፣ ባለቤቷ ሂሳቡን በሰው ቁጥር አካፍላ የምትሰበስብበት። ጎረቤት በየሁለት ቀኑ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፣ እናንተ አንድ ላፕቶፕ ነው ያላችሁ፣ ክፍያው ግን እኩል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ትንሽ ቢወደድም ይሻላል።

ሌላው፣ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የድሮ ዋጋ። ብር ለገበያ የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፣ ከዛ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ስለዚ ከዛ በፊት የተፃፈ «ባህር ዳር በወር በዚህን ያህል ይኖራል» የሚል ነገር በብርም በዶላርም አይሰራም። በሰዎች ጥቆማ የሚሞሉት የዋጋ ሳይቶችም ለአዲስ አበባ ጥቂት ሰው ሞልቷቸው ይሆናል፣ ባህር ዳር ላይ ግን አንድ ሁለት ሰው የሞላው ነገር አማካይ ተብሎ ተቀምጦ ነው የምታገኙት። ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

የሚለያየው ሶስት ነገር ነው፦ ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ

ቤት ትልቁ ነው። ባህር ዳር ላይ በሰፈር ይለያያል፣ ወደ ሀይቁ እና ወደ ጊዮርጊስ በቀረባችሁ ቁጥር ይወደዳል። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፔዳ እና ፖሊ አካባቢ ተማሪና አስተማሪ ስለሚሻማው ትንሽዬ ክፍል እንኳን ከመጠኗ በላይ ነው የምትጠየቁት። አባይ ማዶ ረከስ ይላል፣ ድሮ ድልድዩ ላይ መጨናነቅ ስለነበር ሰው ይሸሸው ነበር፣ አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ በኋላ ግን መሻገሩ ቀሎ ሰው ወደዛ እያየ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ አለ፣ ውል ከሁለት አመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ የሚል። አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች አሁን ያላችሁበት ውል በዚህ አዋጅ የተመዘገበ ከሆነ ስትለቁት የምታጡት ነገር አለ ማለት ነው፣ አከራዩ በፈለገው ጊዜ ዋጋ እንዳይጨምር የያዘላችሁ ውል ነውና። ከአንድ አመት በኋላ ተመልሳችሁ ስትመጡ ያንን ዋጋ አታገኙትም። ይሄን ማንም አያስበውም።

ትራንስፖርት ላይ ባህር ዳር በግልፅ ያሸንፋል። ከተማው ሜዳ ነው፣ ብዙ ነገር በእግር ይደረሳል፣ ሳይክል የለመደ ሰው ደግሞ ጭራሽ ወጪ የለውም። ባጃጅ በሰው ስትሳፈሩ ሳንቲም ነው፣ ኮንትራት ስትይዙ ነው የሚወደደው፣ ማታ ደግሞ ኮንትራት እንጂ ሌላ የለም፣ እሱም ከተገኘ። በፀጥታው ምክንያት የባጃጅ ሰዓት የሚገደብበት ጊዜ አለ፣ ስለዚ ማታ ወጥቶ መስራት የሚባል ነገር እቅድ ውስጥ አይገባም። አዲስ አበባ ላይ ከቤት የሚሰራ ሰው ትራንስፖርት አያወጣም ትሉ ይሆናል፣ ግን ወጣ ባላችሁ ቁጥር ታክሲው ሁለት ሶስት ዙር ነው፣ ሲመሽ ደግሞ ራይድ ወይ ፈረስ ትጠራላችሁ፣ ያ ነው የሚቆልለው።

ምግብ ላይ ሰው የሚጠብቀውን ያህል ልዩነት የለም። የአደት ጤፍ ቅርብ ነው፣ የፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ ቅርብ ነው፣ ከመራዊ በኩል የቆጋ መስኖ አትክልት ይመጣል፣ አሳ እንደ ቆሮሶና አምባዛ ከሀይቁ በቀጥታ ይገኛል። ግን ብቻውን የሚኖር ሰው ጤፍ በኩንታል ገዝቶ አያስፈጭም፣ እንጀራ በነጠላ ነው የሚገዛው፣ በነጠላ ሲገዛ ደግሞ የቅርቡ ጤፍ ጥቅም አብዛኛው በመሀል ይቀራል። ሀይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች ቁጭ ብሎ አሳ ጥብስ መብላት ደግሞ የእንግዳ ዋጋ ነው። ስለዚ ምግብ ላይ ትንሽ ትቆጥባላችሁ፣ ኑሮ የሚቀይር ነገር ግን አይደለም።

የማይታየው ወጪ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። በሪሞት የሚሰራ ሰው የሚሸጠው ሰዓቱን ነው፣ መስመር ሲጠፋ ሰዓቱ ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ቀን መብራት ከጠፋ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሰፈር ካፌ ወይ እንደ አይስአዲስ አይነት የጋራ መስሪያ ቦታ ትሄዳላችሁ፣ ምርጫው ሰፊ ነው። ባህር ዳር ላይ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሎቢ ነው ያለው፣ ቀን ይሰራል፣ ማታ ግን ከላይ እንዳልኩት መመለሻው ያስቸግራል።

ስለዚ የመጀመሪያው ጥያቄ ደንበኛችሁ የት አገር ነው የሚለው ነው። ጀርመን ላሉ ሰዎች ከሆነ የምትሰሩት የነሱ ጠዋት 3 ሰዓት በኛ በበጋቸው 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው 5 ሰዓት ረፋድ ነው፣ አብዛኛው ስራ በቀን ብርሃን ያልቃል፣ ሆቴል ሎቢው ያድናችኋል። ኒውዮርክ ላሉ ሰዎች ከሆነ ግን የነሱ ጠዋት 3 ሰዓት በኛ ከሰዓት 10 ወይ 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ሙሉ ቀናቸውን አብራችሁ ከዋላችሁ ሌሊት 6 ወይ 7 ሰዓት ድረስ ትሄዳላችሁ። ይሄ ሰው ቤቱ ውስጥ የራሱ የመብራት መጠባበቂያ ካልገዛ ባህር ዳር ላይ መስራት ቁማር ነው።

የመጠባበቂያው መጠን ደግሞ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። አንድ ላፕቶፕ ስራ ላይ ሆኖ ከ50 እስከ 60 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ራውተሩ ከ10 እስከ 15። ሁለቱ ተደምረው 75 ዋት ብንል ለአራት ሰዓት 300 ዋት-ሰዓት ይፈልጋሉ፣ በመሀል የሚባክነውን ጨምራችሁ 400 የሚል ባትሪ ያለው ፓወር ስቴሽን ይበቃል። ሻጮች 1000 እና 2000 የሚለውን ሊሸጡላችሁ ይፈልጋሉ፣ ፍሪጅ እና ምድጃ ካላሰካችሁበት ያ ብር ብክነት ነው። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ደህና ከሆነ ደግሞ ለራውተሩ ብቻ የሚሆን ትንሽዬ ዩፒኤስ ገዝቶ መጀመርም ይቻላል፣ ብዙ ሰው የሚያጣው መብራቱን ሳይሆን ራውተሩን ነው፣ ላፕቶፑ እየሰራ ዋይፋዩ ስለጠፋ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል።

ኢንተርኔቱስ? ሁለት የተለያየ መስመር ያስፈልጋችኋል፣ አንዱ የቤት ኢንተርኔት፣ አንዱ የሌላ ኦፕሬተር ሲም። ሳፋሪኮም ባህር ዳር የገባው አገልግሎቱን በጀመረበት በ2015 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ስለዚ ከተማው ውስጥ አማራጭ አለ፣ ጥንካሬው ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ካሜራ ተከፍቶ የሚደረግ ሚቲንግ በሰዓት ወደ አንድ ጊጋ ይበላል ብላችሁ አስቡ፣ በወር አስር ሰዓት መስመር ቢጠፋባችሁ አስር ጊጋ ለመጠባበቂያ ብቻ ትገዛላችሁ ማለት ነው፣ ካሜራውን ብትዘጉት በጣም ይቀንሳል።

ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ሞክሩት። ደላላው ቀን 5 ሰዓት ላይ ነው የሚያሳያችሁ፣ በዛ ሰዓት ሁሉም ኔትወርክ ጥሩ ነው፣ እናንተ ግን ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩ ላይ ባለበት ሰዓት። ላፕቶፑን በስልክ ሆትስፖት አገናኝታችሁ ዊንዶውስ ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ይቺን ፃፉ፦

```
ping -n 200 8.8.8.8
```

ሲጨርስ መጨረሻ ላይ `Lost = 0 (0% loss)` ካለ ጥሩ ነው። ከመቶ ሁለት ሶስት እየጠፋ ከሆነ ፋይል ማውረድ ላይ ላይታወቃችሁ ይችላል፣ ሚቲንግ ላይ ግን ድምፃችሁ ይቆራረጣል። ስፒድ ቴስት ብቻ አይታችሁ አትርኩ፣ ፍጥነቱ ትልቅ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ መስመር አለ። ከዛ አልጋው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥም፣ ጠረጴዛው የሚሆንበት ጥግም ሞክሩት፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የግቢ ቤቶች ውስጥ በሁለት እርምጃ ይለያያል። የቤት ኢንተርኔት ይገባል ወይ ለሚለው ደግሞ አከራዩን አትጠይቁ፣ «ይገባል ይገባል» ነው የሚላችሁ፣ ጎረቤት ያስገባ ሰው ካለ እሱን ጠይቁ ወይ ቴሌ ሄዳችሁ ቦታውን አስመዝግባችሁ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ የማይዘለል ነገር አለ። በ2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ ግጭቱ ሲከር የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዛን ጊዜ ሁለት ሲም ያለውም አንድ ሲም ያለውም እኩል ነበር። ስለዚ እዚህ የሚኖር የሪሞት ሰራተኛ የማይነካ ብር ማስቀመጥ አለበት፣ የአውሮፕላን ትኬት እና አዲስ አበባ ላይ የአንድ ወር ክፍል የሚከፍል። ወጪ አይደለም፣ ካልተጠቀማችሁበት የናንተው ነው፣ ግን ከመዛወራችሁ በፊት በእጃችሁ መኖር አለበት። ከሌላችሁ አትምጡ፣ እውነቴን ነው።

ትኬቱ ራሱ ደግሞ ሁለተኛው ድብቅ ወጪ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሮ ሌሊት ተነስቶ በአውቶቡስ ከሰዓት አዲስ አበባ መግባት ነበር፣ አሁን በመንገዱ ፀጥታ ምክንያት አቅም ያለው ሁሉ በአየር ነው የሚሄደው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሂሳብ ስትሰሩ አውቶቡስ ብላችሁ እንዳትይዙ።

ወባም አለች። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከ2000 ሜትር በታች ወባማ ተብሎ የሚታሰበው ውስጥ ነው ያለነው፣ አዲስ አበባ ግን በጣም ከፍ ብላ ስለሆነ እዛ ያደገ ሰው ወባን በወሬ ነው የሚያውቃት። አጎበር ትልቅ ብር አይደለም፣ የሚከብደው ከመስከረም እስከ ህዳር ባለው ጊዜ ከያዘቻችሁ ስራ የምትቀሩበት ቀን ነው፣ በተለይ በፕሮጀክት የሚከፈለው ሰው፣ የህመም ፈቃድ የሌለው። ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ በቀኑ ተመርመሩ። ሀይቅ ዳር ቤት ያማራችሁ ሰዎችም ይሄን አስቡት፣ ትንኟም እዛው ነው የምትወደው።

የአክስቴ ልጅ ሂሳብ

የአክስቴ ልጅ ለአንድ የአውሮፓ ድርጅት ሶፍትዌር ትፈትሻለች፣ አዲስ አበባ ለስራ ሰፈሯ ቅርብ የሆነ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታ የምትኖር ናት፣ ድሮ ቢሮ ስትሄድ የያዘችው ቤት ነው። ባህር ዳር ልምጣ ወይ ስትለኝ ቁጭ ብለን በስልክ ሰራነው። ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ዋጋ በየወሩ ስለሚቀያየር የራሳችሁን አስገቡበት፣ ዘዴው ነው ዋናው።

እዛ ኪራይ 22 ሺ ትከፍላለች፣ እዚህ ተመሳሳዩን በ11 ሺ አገኘንላት፣ ልዩነቱ 11 ሺ። ትራንስፖርት ላይ ከ4500 ወደ 2000 ይወርዳል፣ 2500 ተረፈ። ምግብ ላይ 1500 ብንል በድምሩ በወር 15 ሺ ብር ትቆጥባለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፣ እሷም ሻንጣ ልታወጣ ነበር።

ከዛ ሌላውን ጨመርን። በአመት አራት ጊዜ አዲስ አበባ መሄዷ አይቀርም፣ እናቷ እዛ ናቸው፣ ስለዚ ገናና ፋሲካ አሉ፣ አንድ የባንክ ወይ የኤምባሲ ጉዳይ አለ፣ አንድ ሰርግ ወይ ለቅሶ አለ። እናቴ ትምጣ ብትልም ትኬቱን የምትቆርጠው ያው እሷ ናት። ደርሶ መልስ ትኬትና እዛ የምታወጣው ተደምሮ አንዱን ጉዞ 20 ሺ ያዝነው፣ አራት ጊዜ 80 ሺ፣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 6700 አካባቢ። ለመጠባበቂያ ዳታ በወር 1000 ጨመርን። ከዛ አንዴ የሚወጣው አለ፣ ለመብራቱ 60 ሺ፣ ለእቃ ማጓጓዣ፣ ለደላላ፣ ለመጋረጃና ለአንዳንድ ነገር 30 ሺ፣ በድምሩ 90 ሺ። ሁለት አመት ከቆየች ለ24 ወር ሲካፈል በወር 3750 ነው።

ደምሩት፣ 11,450 ሆነ። ከ15 ሺው ስትቀንሱት በወር 3550 ነው የቀረው።

«እና ለሶስት ሺ ምናምን ብር ነው እንዴ የምሰደደው?» አለችኝ።

ይባስ ብሎ አንድ አመት ብቻ ቆይታ ከተመለሰች ያ 90 ሺ ለ12 ወር ነው የሚካፈለው፣ በወር 7500 ይሆናል፣ ትርፏ ዜሮ ብቻ ሳይሆን ከዜሮም ትንሽ ይወርዳል፣ ባትሪውን መልሳ በደህና ዋጋ ካልሸጠችው በቀር። ለዚህ ነው «እስቲ አንድ አመት ልሞክረው» የሚለው ሰው ሁሌ የሚከስረው፣ የሚሞክር ሰው እቃ ገዝቶ ሳይሆን እቃ ያለው ክፍል በወር ተከራይቶ ነው መሞከር ያለበት፣ ኪራዩ ቢወደድም። ደግሞ ሲሞክር በጥቅምትና በህዳር አይምጣ፣ በዛን ጊዜ አየሩም ሀይቁም ያታልላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይምጣ፣ ዝናብና ነፋስ መብራቱን በሚያስቸግርበት ጊዜ፣ ወይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይምጣ፣ ሙቀቱ ከሰዓት ላይ ጠረጴዛ ጋ በማያስቀምጥበት ጊዜ። ቬንትሌተር የሚባለውን ያኔ ነው የምታውቁት።

ሂሳቡን ገልብጣችሁም ማየት ትችላላችሁ። ሁለት አመት የምትቆይ ከሆነ ከ15 ሺው ላይ ዳታውንና የአንዴ ወጪውን ስትቀንስ 10,250 ይቀራታል፣ በአመት 123 ሺ። አንዱ ጉዞ 20 ሺ ከሆነ ስድስት ጊዜ አዲስ አበባ ከሄደች ብሩ አለቀ ማለት ነው። እናንተም እንደዚህ ስሩት፣ ባለፈው አመት አዲስ አበባ ላይ በአካል ካልሆነ የማይሆን ስንት ጉዳይ ነበራችሁ? ቁጥሩ ከስድስት ካለፈ በብር ምክንያት አትምጡ። ሁለት ብቻ ከሆነ የአክስቴ ልጅ ትርፍ በወር ወደ 6900 ይወጣል፣ ያ ደህና ነው።

አዲስ አበባን ከአዲስ አበባ ጋር

ግን ሂሳቡን ስንጨርስ አንድ ነገር አነሳሁባት። ለምንድን ነው አሁን ያለሽበት ሰፈር የምትኖሪው? ቢሮ ድሮ ቅርብ ስለነበረ ነው፣ አሁን ቢሮ የለም። ከቤት የሚሰራ ሰው ለሰፈር ቅርበት የሚከፍለው ብር ለምንም አይጠቅመውም። ቱሉ ዲምቱ ወይ ጀሞ ያለ ኮንዶሚኒየም በ14 ሺ ብታገኝ በወር 8 ሺ ተረፋት፣ የአይሱዙ ኪራዩና የደላላው ለሁለት አመት ቢካፈል በወር ከጥቂት መቶ ብር አይበልጥም፣ ትኬት የለም፣ እናቷ ጋ በታክሲ ትደርሳለች። ከ3550ውም ከ6900ውም ይበልጣል። ኮንዶሚኒየሙ ከሶስተኛ ፎቅ በላይ ከሆነ ውሃው ይወጣል ወይ የሚለውን ማየት ነው፣ ሮቶ ያለው ፎቅ መፈለግ። ባህር ዳርም ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያ ጥያቄ ሁለቱም ጋ አለ።

እኔ ባህር ዳርን የምወድ ሰው ነኝ፣ ማታ ማታ ሀይቅ ዳር ወክ ማድረግ የማይቆጠር ነገር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ያንን «ይቆጥባል» ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም፣ ለሱ ስትሉ ከቱሉ ዲምቱው አንፃር በወር አራት አምስት ሺ የምትከፍሉ ከሆነ ከፍላችሁ ኑሩ፣ እያወቃችሁ። በብር ብቻ የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ዳር ዳሩን ይጠይቅ፣ ከዛ ነው ትኬቱን የሚቆጥረው።

የአክስቴ ልጅ አሁን የኤምባሲውን ጉዳይ ከፋሲካው ጋር በአንድ ጉዞ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እያየች ነው፣ ሰርጉን ደግሞ በስልክ እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ልታልፈው ነው፣ የለቅሶውን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ሶስት ጉዞ ከሆነ በወር 5250 ይተርፋታል፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ያው 8 ሺ እንዳለ ነው። ሐምሌ ላይ ለአንድ ወር ሽምብጥ አካባቢ እቃ ያለው ክፍል እንድፈልግላት ነግራኛለች፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ፒንግ ሳደርግ ምንም የማይጠፋበት።